የግዕዝ–አማርኛ የቃላት ሠንጠረዥ አዘገጃጀት፦ ከቃሉ እስከ አጠቃቀም ማስታወሻው

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው አፋቸውን በአማርኛ ፈትተው ግዕዝን ለሚማሩ፣ በተለይም በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ፣ በአንኮበርና በአጠቃላይ በሰሜን ሸዋ በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በማታ ጉባኤ ትምህርቱን ለሚከታተሉ ሰዎች ነው። በየቅኔ ቤቱ ግስ የሚወርደው በቃል እንደሆነ የታወቀ ነው፤ መምህሩ «ሖረ፣ ሄደ» ሲሉ ተማሪው ተቀብሎ ይደግማል። በብራና የተጻፉት የጥንት ሰዋስዎችም በብዛት የያዙት ይህንኑ ነው፤ የግዕዙን ቃልና የአማርኛ ፍቺውን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ቃሉ በየትኛው ንባብ እንደሚገኝ፣ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ፣ የት እንደሚጠብቅና የት እንደሚላላ የሚታወቀው ግን ከመምህሩ አፍ ነበር። ዛሬ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ከመምህሩ ፊት የሚቀመጥ ተማሪ በቀረው ጊዜ የሚመራበት ነገር ያስፈልገዋል፤ የሠንጠረዡ ሦስተኛና አራተኛ ዓምዶች፣ ማለትም የምሳሌ ዓረፍተ ነገሩና የአጠቃቀም ማስታወሻው፣ የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የአማርኛ ተናጋሪ በግዕዝ ላይ የሚሰናከለው የት እንደሆነ ማወቅ ይገባል። «ብእሲ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ተማሪ አለማወቁን ስለሚያውቅ ይጠይቃል። «ነበረ»፣ «ፈቀደ»፣ «ገብረ»፣ «ሀገር» የሚሉትን ሲያገኝ ግን የገዛ ቋንቋው ቃላት ስለሚመስሉት ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ያን ጊዜም ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ያጣመዋል። ስለዚህ ጥሩ ሠንጠረዥ ቀለል ብሎ የሚታለፈውን ቃል ይዞ የሚያስቆም መሆን አለበት፤ ከዚህ በታች ያለው አሠራርም በሙሉ ወደዚህ ያመራል።

ቃላቱን ከየት እናምጣ?

ቃላት ከመዝገበ ቃላት እየተገለበጡ በፊደል ተራ ሲሞሉ ሠንጠረዡ ቶሎ ይረዝማል፤ ተማሪው ግን በአንድ ገጽ ላይ ያሉትን እንኳ በንባብ ውስጥ ሲያገኛቸው አያውቃቸውም። የተሻለው መንገድ አንድ አጭር ንባብ መርጦ ከእርሱ የወጡትን ብቻ መመዝገብ ነው። ለጀማሪ የሚበጀው በዜማም ሆነ በጸሎት አስቀድሞ በቃሉ የያዘው ንባብ ነው፤ ቃሉን ያውቀዋልና ፍቺውን ብቻ ማኖር ይቀረዋል። አቡነ ዘበሰማያትና የዳዊት መዝሙር ለዚህ ይመቻሉ።

የመጀመሪያውን መዝሙር የመጀመሪያ ቁጥር እንውሰድ፦ «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን፣ ወዘኢቆመ ውስተ ፍኖተ ኃጥኣን፣ ወዘኢነበረ ውስተ መንበረ መስተሣልቃን።» በመጀመሪያ በቃላቱ ላይ የተለጠፉትን ክፍሎች እናንሣ። «ወዘኢነበረ» ሲፈታ ወ፣ ዘ፣ ኢ እና ነበረ ይሆናል፤ ወ «እና»፣ ዘ «የ»፣ ኢ ደግሞ አፍራሹ «አል» ነው። ስለዚህ በሠንጠረዡ የሚገባው «ነበረ» ብቻ ነው። «በምክረ» የሚለውም «በ» ተነሥቶለት፣ ለዘርፍ ሲባል ግዕዝ የሆነው መጨረሻው ወደ ሳድስ ተመልሶ «ምክር» ይባላል። እንዲህ ከተፈታ በኋላ ምክር፣ ቆመ እና ኃጥእ በአማርኛም በዚያው ፍቺያቸው ስለሚታወቁ ይታለፋሉ። የሚመዘገቡት ብፁዕ፣ ብእሲ፣ ሖረ፣ ረሲዕ፣ ውስተ፣ ፍኖት፣ ነበረ፣ መንበርና መስተሣልቅ ናቸው። ከአንድ ቁጥር ዘጠኝ ቃል ለአንድ ቀን በቂ ነው፤ እንዲያውም ለብዙዎች ይበዛል፣ ለሁለት ቀን ቢከፈልም ነውር የለውም።

የመጀመሪያው ዓምድ፦ ቃሉ

ግሥ ሲሆን ቃሉ የሚጻፈው በቅኔ ቤቱ ልማድ በኀላፊ ጊዜ፣ በሩቅ ወንድ፣ በነጠላ ነው፤ ነበረ፣ ሖረ፣ ሰአለ እንደማለት ነው። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ከአንዱ ግሥ ወደ ሌላው ሲኬድ ትንቢቱና ዘንዱ ስለሚለዋወጡ ከሥሩ ሁለቱን መጨመር ይገባል። «ነበረ» በቃል ሲወርድ «ነበረ ተቀመጠ፣ ይነብር ይቀመጣል፣ ይንበር ይቀመጥ ዘንድ፣ ይንበር ይቀመጥ» እየተባለ ነው፤ በሠንጠረዡ «ነበረ፣ ይነብር፣ ይንበር» ብሎ መጻፍ ይበቃል። «ሖረ» ግን «የሐውር፣ ይሑር» ስለሚል፣ ኀላፊውን ብቻ የጻፈ ተማሪ «የሐውር»ን በንባብ ሲያገኝ የዚያው ግሥ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ስም ሲሆን ነጠላው ይቀድማል፤ ብዙው ከሥሩ ይከተላል። የግዕዝ ብዙ ቁጥር አንዳንዴ በመጨረሻው ላይ ፊደል በመጨመር፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ቃሉን ከውስጡ በመለዋወጥ ስለሚገኝ በግምት አይደረስበትም። ረሲዕ ረሲዓን ይላል፤ ደብር ግን አድባር፣ ሀገር ደግሞ አህጉር ይላል።

በዚህ ዓምድ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ፊደሉ ነው። በአማርኛ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ በመሆናቸው ብዙዎቻችን እንደ እጃችን ልማድ እንጽፋቸዋለን። በግዕዝ ግን ፊደሉ ሲለወጥ ቃሉ ይለወጣል። በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ «ሰአለ» ቢባል ለመነ ማለት ነው፤ በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ «ሠዐለ» ቢባል ሥዕል ሣለ ማለት ነው። በሃሌታው ሀ «መሀረ» አስተማረ ሲሆን፣ በሐመሩ ሐ «መሐረ» ይቅር አለ ይሆናል። በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» የሰው ገንዘብ ወሰደ ነው፤ በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ሲባል የሚነገረው ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» እያልን የምንለምነውን፣ አንድ ተማሪ በደብተሩ «ሠዐሊ ለነ» ብሎ ቢጽፈው «ሥዕል ሣዪልን» ብሏል ማለት ነው።

ስለዚህ ቃሉ ከመጻፉ በፊት ፊደሉ በታመነ መጽሐፍ ይታይ። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ለዚህ የሚታመን ነው፤ ነገር ግን ቃላቱ የተደረደሩት በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ስለሆነ፣ በለመደው ተራ የሚፈልግ ሰው ቃሉን ሳያገኝ ይቀራል። ከመጽሐፉ ፊት የአበገደን ተራ በትንሽ ወረቀት ጽፎ ማኖር ከዚህ ድካም ያድናል።

ሁለተኛው ዓምድ፦ ትርጉሙ

ትርጉሙ ከቃሉ ጋር በአንድ መልክ ይሁን። ግሡ በኀላፊ ከተጻፈ አማርኛውም በኀላፊ ይጻፍ፤ «ሖረ» በሚለው አንጻር «መሄድ» ሳይሆን «ሄደ» ይባል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም «መሄድ» ብሎ የለመደ ሰው «ይሑር» ሲመጣበት ሁለት ጊዜ ለማሰብ ይገደዳል።

ሌላው በዚህ ዓምድ የሚሠራው ስሕተት ብዙ ፍቺ መደርደር ነው። መዝገበ ቃላቱ ለነበረ «ተቀመጠ፣ ኖረ፣ ቆየ» ብሎ ቢሰጥ ተማሪው ሦስቱንም ይገለብጣል። ከዚያ ንባቡ ላይ ሲደርስ የትኛውን እንደሚወስድ አያውቅም። በሠንጠረዡ መጀመሪያ መግባት ያለበት በዚያ ንባብ የሚሠራው አንዱ ፍቺ ብቻ ነው፤ በመዝሙር 1 «ተቀመጠ» ነው። ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ፍቺውን በቃሉ ቦታ አስገብቶ በማንበብ ነው፦ «በዋዘኞችም ወንበር ያልተቀመጠ» ለጆሮ ይስማማል። «በዋዘኞችም ወንበር ያልነበረ» ግን ጆሮን ይከብደዋል፤ ጆሮ ሲከብደው ፍቺው መመርመር አለበት ማለት ነው። ሁለተኛው ፍቺ «ኖረ» በሌላ ንባብ ሲገኝ፣ ንባቡን ይዞ በዚያው ረድፍ ይጨመራል።

ሦስተኛው ዓምድ፦ ምሳሌ ዓረፍተ ነገሩ

ለጀማሪ የሚሻለው ምሳሌ ከንባብ የተወሰደ እንጂ ራሱ የሠራው አይደለም። ከመዝሙር 1 «ወዘኢነበረ ውስተ መንበረ መስተሣልቃን» የሚለውን መውሰድ ይቻላል፤ ሆኖም ይህ ሐረግ «መስተሣልቃን» የሚል ሌላ አዲስ ቃል ስላለበት ለመያዝ ይከብዳል። በአንድ ምሳሌ ውስጥ አዲስ የሚሆነው ራሱ የሚጠናው ቃል ብቻ ቢሆን ይመረጣል። ከመዝሙር 109 መጀመሪያ «ንበር በየማንየ» የሚለው ይበልጣል፤ ሁለት ቃል ነው፣ «በቀኜ ተቀመጥ» ተብሎ ወዲያው ይገባል፣ ትእዛዙንም ያሳያል። ከምሳሌው ሥር አማርኛው ይጻፍ፤ የተገኘበት ምዕራፍና ቁጥርም አይቅር። የመዝሙር ቁጥር ግን እንደ መጽሐፉ ስለሚለያይ (በግዕዙ ዳዊት 109 የሆነው በአንዳንድ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ 110 ነው) አንዱን ተራ መርጦ እስከ መጨረሻ በእርሱ መሄድ ያስፈልጋል።

መዝሙር ግጥም ስለሆነ የቃላት አሰላለፉ ሁልጊዜ የተለመደውን አይከተልም። የግዕዝን ዓረፍተ ነገር አካሄድ ለማየት ከኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ የሚበልጥ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፦ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ።» በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር ይታያል። ማሰሪያው ግሥ «ገብረ» ከባለቤቱ ቀድሟል፤ ተሳቢዎቹ «ሰማይ» እና «ምድር» ደግሞ መጨረሻቸው ወደ ግዕዝ ተለውጦ «ሰማየ»፣ «ምድረ» ሆነዋል። አማርኛ ለተሳቢ «ን» ይጨምራል፤ ግዕዝ ግን የመጨረሻውን ፊደል ይለውጣል።

ተማሪው ከጊዜ በኋላ የራሱን ምሳሌ መሥራት ሲጀምር ስሕተቱ የሚገኘው በነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። «ሰውየው ቤት ሠራ» ለማለት «ብእሲ ቤት ሐነጸ» ብሎ ይጽፋል። ቃላቱ ሁሉ ግዕዝ ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አማርኛ ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ ቀርቷል፣ ተሳቢው «ቤት» አልተለወጠም። የተስተካከለው «ሐነጸ ብእሲ ቤተ» ይላል። ራሱ የጻፈውን ምሳሌ ለማረም አንድ ተማሪ ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ግሡ የት ነው? ተሳቢው መጨረሻው ምንድን ነው? ሁለቱ ከተመለሱ በኋላም በራስ የተሠራው ምሳሌ ለመምህር እስኪታይ ድረስ በእርሳስ ብቻ ይቀመጥ።

አራተኛው ዓምድ፦ የአጠቃቀም ማስታወሻው

ብዙ ደብተር ገልጬ ያየሁት ይህ ዓምድ ባዶ ሆኖ ወይም «ግሥ ነው»፣ «ስም ነው» በሚል ተሞልቶ ነው። ግሥ መሆኑ ከመጀመሪያው ዓምድ ይታያል፤ ደግሞ መጻፉ ቦታ ይፈጃል እንጂ አይጠቅምም። በዚህ ዓምድ መጻፍ ያለበት የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ ቃል ላይ ምን ብሎ እንደሚሳሳት ነው። የሚያሳስት ነገር ከሌለው ባዶ ይተው።

«ነበረ» የሚለውን እስከ ፍጻሜው እንከተለው። አንደኛው አሳሳች ነገር ፍቺው ነው፤ የአማርኛው «ነበረ» ያለፈ ጊዜን ሲያመለክት፣ የግዕዙ መቀመጥን ያመለክታል። «መንበር» የተባለው መቀመጫ ከዚሁ ስለወጣ እርሱን መጥቀስ ቃሉን ለማስታወስ ይረዳል። ሁለተኛው አሳሳች ነገር ንባቡ ነው። በአማርኛ «ነበረ» ስንል «በ» ይጠብቃል፤ በግዕዝ ግን ይላላል። ትንቢቱ «ይነብር» ሲሆን ነገሩ ይገለበጥና «ብ» ይጠብቃል፤ «ይንበር» ላይ ተመልሶ ይላላል። ይህ የአንድ ቃል ጠባይ ብቻ አይደለም። በ«ቀተለ» ቤት ያሉ ግሦች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ አማርኛው «ገደለ» ብሎ አጥብቆ «ይገድላል» ብሎ ሲያላላ፣ ግዕዙ «ቀተለ» ብሎ አላልቶ «ይቀትል» ብሎ ያጠብቃል። ንባብ የሚያበላሸው ተማሪ ብዙ ጊዜ ፊደሉን ሳይሆን ይህን ነው የሚስተው፤ በግዕዝ ላይ የአማርኛን ጥብቀት ይጭናል። ስለዚህ ማስታወሻው በአጭሩ «ላ፣ ጠ፣ ላ» ተብሎ ቢጻፍ ሦስቱ ቅርጾች በየተራ እንዴት እንደሚነበቡ ይነግራል። ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ የሚባሉት የንባብ ስልቶች ግን ከመምህር አፍ ካልተሰሙ በጽሑፍ አይያዙም፤ በማስታወሻው ላይ ስማቸውን ብቻ መጻፍ የሚገባው መምህሩ አንብበው ካሰሙ በኋላ ነው።

የስምን ማስታወሻ ለማሳየት «ደብር» የተሻለ ነው፤ ለዚህ አገር ሰው ቃሉ ከአፉ አይጠፋምና። በአማርኛ ደብር ስንል ቤተ ክርስቲያን ማለታችን ነው፤ በግዕዝ ግን ተራራ ነው። ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት በተራራ ላይ እየተተከሉ ስሙ ወደ እነርሱ ተላለፈ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ደብረ ብርሃን የብርሃን ተራራ ማለት ናት፤ በዚያው ዘመን ደብረ አስቦ የነበረውም ደብረ ሊባኖስ ተብሏል። የሁለቱ ስሞች መጀመሪያ «ደብረ» እንጂ «ደብር» አለማለቱ ዘርፍ ስለተቀበለ ነው፤ አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ የግዕዝን ዘርፍ ለመረዳት ከከተማው ስም የራቀ ምሳሌ አያስፈልገውም።

አንድ ከመንዝ የመጣ ወጣት መዝሙር 120 ላይ «አንሣእኩ አዕይንትየ መንገለ አድባር» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመና «የኔታ፣ ዳዊት ዓይኑን ወደ አድባር አነሣ ማለት እንዴት ይሆናል? አድባር እኛ አገር የሚፈራው ዛፍ አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩም «አድባር የደብር ብዙ ነው፤ ቀና ብለህ ጋራውን እይ፣ ዳዊት ያየው እርሱን ነው» ብለው መለሱለት። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። በአማርኛ አድባር የመንደር ጠባቂ ተደርጎ የሚከበር ቦታ ወይም ዛፍ ነው፤ በግዕዝ የደብር ብዙ ስለሆነ ተራሮች ማለት ነው። ማስታወሻው ይህን መያዝ አለበት፤ ነጠላውን ያወቀ ሰው ብዙውን ሲያገኘው ከአማርኛው ጋር ያምታታዋልና።

ከዚህ በታች አራት ረድፍ እስከ መጨረሻው ተሞልቶ ይታያል።

| ቃል | ትርጉም | ምሳሌ ዓረፍተ ነገር | የአጠቃቀም ማስታወሻ |
|---|---|---|---|
| ነበረ፣ ይነብር፣ ይንበር | ተቀመጠ | ንበር በየማንየ። በቀኜ ተቀመጥ። (መዝ. 109፥1) | የአማርኛው «ነበረ» አይደለም። ንባቡ፦ ላ፣ ጠ፣ ላ። «መንበር» ከዚሁ ይወጣል። |
| ሰአለ፣ ይስእል፣ ይስአል | ለመነ | ሰአሊ ለነ ቅድስት። ቅድስት ሆይ፣ ለምኝልን። (ከጸሎት) | በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው። «ለነ» ስለ እኛ ማለት ነው። |
| ገብረ፣ ይገብር፣ ይግበር | አደረገ፣ ሠራ | በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ። በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ። (ዘፍ. 1፥1) | የአማርኛው «ገበረ» ግብር ከፈለ ነው። ተሳቢው በግዕዝ ያልቃል። |
| ደብር፣ ብዙ፦ አድባር | ተራራ | አንሣእኩ አዕይንትየ መንገለ አድባር። ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ። (መዝ. 120፥1) | ቤተ ክርስቲያን ወይም የአድባር ዛፍ ተብሎ አይፈታ። በዘርፍ፦ ደብረ ብርሃን። |

በሦስተኛው ረድፍ ትርጉሙ «አደረገ፣ ሠራ» ሲል የምሳሌው አማርኛ «ፈጠረ» ይላል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ የንባቡ አማርኛ ለቦታው የሚስማማውን ቃል ይመርጣል፣ ሁለተኛው ዓምድ ደግሞ የቃሉን ራሱን ፍቺ ይይዛል። የግዕዙ «ፈጠረ» ራሱን የቻለ ሌላ ግሥ ስለሆነ፣ ገብረን «ፈጠረ» ብሎ መመዝገብ ኋላ ሁለቱን ያደባልቃል።

በደብተር ወይስ በኮምፒዩተር?

በደብተር ሲሠራ ግራና ቀኝ ገጹን እንደ አንድ ወስዶ፣ በግራው ቃሉንና ትርጉሙን፣ በቀኙ ምሳሌውንና ማስታወሻውን መጻፍ ይመቻል፤ አንዱን ገጽ በወረቀት ሸፍኖ ለማጥናትም ይረዳል። በነጠላ ወረቀት ላይ ከሆነ ወረቀቱ ይጋደም፤ 27 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው የመጻፊያ ስፋት ለቃሉ 4፣ ለትርጉሙ 4፣ ለምሳሌው 10፣ ለማስታወሻው 9 ሆኖ ቢከፈል ይበቃል። በየረድፉ መካከል አንድ መስመር ባዶ ይተው፤ ረድፉ ኋላ ማደጉ አይቀርምና።

በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ሲሠራ ቃላቱ በሀለሐመ ተራ በቀላሉ ይደረደራሉ። ችግሩ ፍለጋው ላይ ነው። ለኮምፒዩተሩ ሰ እና ሠ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ «ሠአለ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ሰአለ»ን አያገኝም፤ የለም ብሎም በስሕተት ፊደል ደግሞ ይመዘግበዋል። አንድ ቃል ከመመዝገቡ በፊት በሁሉም ተመሳሳይ ፊደላት ይፈለግ። በዚያው ፊደል ሁለት ጊዜ የገባ ቃል ካለ ደግሞ፣ ቃላቱ በመጀመሪያው ዓምድ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምረው እንደሆነ፣ ከማስታወሻው ቀጥሎ ባለው ባዶ ዓምድ ይህን ቀመር አስገብቶ ወደ ታች መሳብ ያሳያል።

```
=COUNTIF(A:A,A2)>1
```

መልሱ TRUE ባለበት ቦታ ቃሉ ተደግሟል። ቀመሩ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ የተጻፈውን ሁሉ እንደ አንድ ስለሚያነጻጽር፣ ለዚህ ሲባል በመጀመሪያው ዓምድ ኀላፊው ወይም ነጠላው ብቻ ይጻፍ፤ ትንቢቱ፣ ዘንዱና ብዙው በማስታወሻው መጀመሪያ ይቀመጡ።

አጠናኑና እርማቱ

ሠንጠረዡ በሦስት በኩል ይጠናል። በመጀመሪያ ትርጉሙን ሸፍኖ ከግዕዝ ወደ አማርኛ፣ ቀጥሎ ቃሉን ሸፍኖ ከአማርኛ ወደ ግዕዝ፣ በመጨረሻም ከምሳሌው በስተቀር ሁሉንም ሸፍኖ። ከሦስቱ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው፤ ቃሉ በንባብ መካከል የሚገኘው እንደዚያ ነውና። «ንበር በየማንየ» የሚለውን አይቶ ግሡ «ነበረ» መሆኑን፣ ትእዛዝ መሆኑንና የት እንደሚላላ የተናገረ ተማሪ ረድፉን ይዞታል። ትርጉሙን ብቻ ተናግሮ ማስታወሻውን የረሳ ከሆነ በረድፉ ጠርዝ ነጥብ ያድርግና በማግሥቱ ከአዲሶቹ በፊት ያንሣው።

ንባቡ እየሰፋ ሲሄድ ማስታወሻዎቹም መታረም ይጀምራሉ። «ሀገር» ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። እኛ «አገርህ የት ነው?» ሲሉን «መንዝ» ወይም «ተጉለት» ብለን እንመልሳለን፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ኢትዮጵያን በሙሉ አገር እንላታለን። በግዕዝ ቃሉ አስቀድሞ የሚገኘው በከተማ ፍቺ ነው፤ በወንጌል «በሀገረ ዳዊት» ሲባል በዳዊት ከተማ ማለት ነው። ብዙው «አህጉር» ከተሞች ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ አፍሪካንና እስያን የመሰሉትን ለመጥራት እንጠቀምበታለን። ተማሪው በመጀመሪያ «ከተማ» ብሎ ይመዘግባል፤ ኋላ ቃሉ ሰፋ ያለ ምድርን የሚያመለክትበት ንባብ ሲያገኝ የመጀመሪያውን አይፍቅ፣ አዲስ ረድፍም አይክፈት፤ በዚያው ረድፍ «2. ምድር፣ አውራጃ» ብሎ ጨምሮ ከፊቱ ያገኘበትን ምዕራፍና ቁጥር ይጻፍ። በማስታወሻውም ላይ «ብሔርን ተመልከት» ይበል፤ «ብሔር» በግዕዝ ምድር ወይም ስፍራ በመሆኑ ሁለቱ ቃላት በፍቺ ይጎራበታሉና። ያን ጊዜ በ«ብሔር» ረድፍ «ሀገርን ተመልከት» የሚል መልስ ይጻፍለታል።